ድሬዳዋ ሆኖ አሜሪካ ላለ ትምህርት ቤት «ዛሬ ልጄን የምታነሳት አክስቷ ናት» ማለት

ለቁልቢ ገብርኤል ከአሜሪካ ወደ ድሬ የሚመጣ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ልጁን ለትዳር ጓደኛው ትቶ ነው የሚመጣው። ታኅሣሥ 19 በእነሱ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ላይ ስለሚውል በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የሚያሳስብ ነገር የለም። ጣጣው የሚመጣው «ከመጣሁ አይቀር ገናንም ከእናቴ ጋር ልዋል» ብሎ ለሚቆይ ሰው ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው አዲስ ዓመት እንዳለፈ ይከፈታሉ፤ የእኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ነው። እናት ሳቢያን ግቢ ውስጥ ቡና አቅርባ ሳለ ልጅ ሜሪላንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ለሐዘን በድንገት የመጣ ሰውም ያው ነው፤ እንዲያውም እሱ የሚብስበት ሳይዘጋጅ ስለሚነሳ ነው።

ታዲያ በእንዲህ ያለ ቀን አባት ሥራ ላይ ይያዛል፤ ልጅ ከባስ ስትወርድ የሚቀበላት ሰው አይኖርም። አክስት ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ እንድታነሳት ይወሰናል። ይህን ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ያለበት ማን ነው? አባት መደወል ከቻለ እሱ ቢያደርገው ይሻላል፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን መጋዘን ወይም ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የሚገባው። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ኢሜይልም ብዙ ጊዜ የእናት ነው። ስለዚህ ሥራው ድሬ ያለችው እናት ላይ ይወድቃል። ድሬ ሆኜ ይህን ያደረግኩት እኔ፣ ሌላው ከዜሮ እንዳይጀምር የሚጠቅመውን ብቻ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሬ ላይ የጎረቤት ልጅ ሄዶ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ቢያመጣት ዘበኛው መልኩን ስለሚያውቅ ይሰጠዋል። እዚያ ግን መልክ ማወቅ አይበቃም። የትምህርት ቤቱ ቢሮ ልጅን ለመስጠት ሦስት ነገር ያስተያያል፦ በመዝገብ ላይ ልጁን እንዲያነሱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም፣ ከወላጅ የመጣ መልእክት፣ እና የመጣው ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ። ሦስቱ ካልተገናኙ አክስት ከነመኪናዋ በር ላይ ትቆማለች፣ ልጅ ደግሞ ውስጥ ትጠብቃለች። ሌላው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለማገናኘት የሚደረግ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

ከአሜሪካ ሳትነሱ መሠራት ካለበት ሁሉ የሚበልጠው ስም ማስመዝገብ ነው። በየትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ የሞላችሁት የድንገተኛ ጊዜ ቅጽ ላይ ልጁን ማንሳት የሚችሉ ሰዎች ዝርዝር አለ። ብዙዎቻችን አባትና እናት ብለን ዘግተነዋል። እዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ጨምሩ፤ አንዱ ቅርብ ዘመድ፣ ሌላው መኪና ያለው ጎረቤት። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ካለ ከድሬ የምትልኩት መልእክት አጭር ማስታወቂያ ይሆናል። ከሌለ ግን መልእክቱ ፈቃድ መጠየቂያ ይሆናል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አዲስ ሰው በኢሜይል ብቻ አይጨምሩም፣ የተፈረመ ቅጽ ወይም በወላጅ መግቢያው፣ ማለትም ወላጆች በይለፍ ቃል በሚገቡበት የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ በኩል የተሞላ ማመልከቻ ይፈልጋሉ።

ስሙን ስታስመዝግቡ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የእኛ ስም እዚያ አገር ሲገባ በሰው በሰው ይለያያል። አንዷ የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጋ ትመዘገባለች፣ ሌላዋ የአያቷን። «ሰላማዊት» የሚለውም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። እናንተ በጆሮ እንደሰማችሁት ብትጽፉና መታወቂያው ላይ ሌላ ቢሆን፣ የቢሮዋ ሠራተኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብላ የማሰብ መብት አላት። ለአክስቲቱ «ሰሊ፣ የመንጃ ፈቃድሽን ፊት ፎቶ አንስተሽ አሁኑኑ ላኪልኝ» ብሎ ፎቶውን ስልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። የልጃችሁም ስም እንዲሁ ነው፤ ቤት ውስጥ የምትጠሩበት ሳይሆን መዝገብ ላይ ያለው ይጻፋል።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ትምህርት ቤቱ መልእክታችሁን ሲያይ እውነት ከእናንተ መምጣቱን ለማረጋገጥ መዝገብ ላይ ባለው ቁጥር መልሶ ሊደውል ይችላል። ያ ቁጥር የአሜሪካው ነው፤ እናንተ ደግሞ ቦሌ እንደወረዳችሁ ሲሙን አውጥታችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ከታችሁበታል። ጥሪው ወደ ድምፅ መልእክት ይሄዳል። መፍትሔው የአሜሪካውን ሲም ሳያወጡ በዋይፋይ መደወልና መቀበል የሚያስችለውን ማስተካከያ እዚያው ሳላችሁ ማብራት ነው። ስልኩ ማስተካከያ ውስጥ `Wi-Fi Calling` ተብሎ ተጽፏል። ከውጭ አገር እንደሚሠራ የስልክ ኩባንያችሁን ጠይቁ። ይህ ባይሆን የ`Google Voice` ቁጥር ከመነሳታችሁ በፊት ከፍታችሁ ለትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቁጥር አድርጋችሁ አስመዝግቡ፤ ቁጥሩ ሲከፈት የአሜሪካ ስልክ ስለሚጠይቅ ድሬ ከደረሱ በኋላ መክፈት ራስ ምታት ነው።

ሦስተኛው የወላጅ መግቢያው ነው። አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች ከውጭ አገር የሚደረግን መግቢያ ለደኅንነት ሲሉ ይዘጋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ አሜሪካው ስልክ ይልካሉ። ስለዚህ መግቢያው ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ የቢሮውን ኢሜይል፣ የመምህሯን ኢሜይልና የቢሮውን ቀጥታ ስልክ ከመግቢያው አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ወረቀት ላይም ጻፉት፤ የድሬ መብራት ሲጠፋ ስልክም አብሮ ባትሪ ይጨርሳል።

ሰዓቱን ማስላት

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀያይርም፤ አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛው እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ታደርጋለች። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲና አትላንታ በክረምታቸው ከእኛ ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው።

ይህን በቃል ከማስላት የሚቀል መንገድ አለ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከጠዋቱ 12 ጀምረን ስለሆነ ስድስቱ ሰዓት አስቀድሞ ተቀንሷል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ካለው የድሬ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ካነበባችሁት፣ በክረምታቸው ሁለት፣ በበጋቸው አንድ ብቻ ቀንሱ። ጃንዋሪ ላይ ድሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ከሆነ ሜሪላንድ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቢሮ የሚከፈትበት ሰዓት ማለት ነው። ድሬ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲል እዚያ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ተኩል ነው። የእኛ ከሰዓት የእነሱ ጠዋት፣ የእኛ ምሽት የእነሱ ከሰዓት መሆኑን ብቻ ያዙ። ሚኒሶታ ወይም ዳላስ ላይ ከሆናችሁ አንድ ተጨማሪ ቀንሱ፤ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ከሆነ ሦስት ተጨማሪ።

መልእክቱ ላይ የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ የእነሱ ሰዓት ነው፤ ከኋላው `AM` ወይም `PM` ይታከልበታል። ድሬ ተቀምጦ፣ ጆሮው የድሬን ሰዓት እየሰማ የሚጽፍ ሰው ልጅ የምትለቀቅበትን 9 ሰዓት ተኩል ብሎ ማሰቡ ተፈጥሯዊ ነው፤ እዚያ ሆኖም ከቤተሰቡ ጋር በአማርኛ ሲያወራ እንደዚያ ነው የሚለው። እጁም `9:30` ብሎ ይጽፋል። ትምህርት ቤቱ ይህን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ብሎ ያነባል፤ ልጅቷን ቦርሳዋን አሲዞ ቢሮ አስቀምጦ አክስቷን ይጠብቃል።

ቀንም እንዲሁ ያጠምዳል። ድሬ ላይ ከእኩለ ሌሊት ካለፈ በእነሱ ገና የትናንቱ ቀን ነው። «ዛሬ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የሳምንቱ ቀን ስምና የወሩ ስም አብረው ይጻፉ። ወሩን በቁጥር አትጻፉ። የእኛን ታኅሣሥ 30 ዲሴምበር 30 አድርጎ የሚልክ ሰው ያጋጥማል፤ ታኅሣሥ 30 ግን አብዛኛውን ጊዜ የገና ማግስት፣ ጃንዋሪ 8 ነው። ዲሴምበር 30 ላይ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለነበር የቢሮዋ ሠራተኛ ያለፈ ቀን መሆኑን አይታ መልእክቱን ወደ ጎን ትተወዋለች።

መልእክቱ

አሁን በአንድ ምሳሌ እንሂድ፤ ስሞቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ቤቴል ታደሰ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ በ14 ቁጥር ባስ ትመላለሳለች። ቀኑ ሐሙስ ጃንዋሪ 8 ነው። ትምህርት ቤቱ 3:30 ላይ ይለቃል፤ ለውጥ የሚቀበለው እስከ 2:00 ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻ ሰዓት በየትምህርት ቤቱ ስለሚለያይ የራሳችሁን ከወላጆች መመሪያው ላይ ፈልጉ። አባቷ በእነሱ ከጠዋቱ 7 ሰዓት፣ ማለትም በድሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደውሎ «ዛሬ ትርፍ ሰዓት አስገቡኝ፣ ባሱ ጋ አልደርስም» ይላል። ሰላማዊት፣ የአባቷ እህት፣ ልታነሳት ተስማምታለች። ስሟ ዝርዝሩ ላይ አለ። እናት የምትልከው ይህ ነው፦

```
Subject: PICKUP CHANGE TODAY - Bethel Tadesse, Grade 2

Today, Thursday, January 8, Bethel will NOT ride bus 14.
Her aunt, Selamawit Girma, will pick her up at 3:30 PM.
Selamawit is on the pickup list. She will bring photo ID.
Friday, January 9: bus 14 as usual.
I am out of the country. Please reply to confirm.
Tigist Alemu, mother
```

ይኸው ነው። ስድስት መስመር። ለምን እንዲህ እንደተደረደረ ላስረዳ፣ ምክንያቱን ካወቃችሁ ለራሳችሁ ጉዳይ መለወጥ አይከብዳችሁም።

ርዕሱ ላይ ጉዳዩ፣ «ዛሬ» የሚለው ቃል፣ የልጅ ስምና ክፍል አለ። ቢሮዋ ውስጥ ያለችው ሴት በጠዋት ብዙ ኢሜይል ይጠብቃታል፤ አብዛኛው የቀረ ልጅ ማስታወቂያ ነው። ርዕሱ «ሰላም» ወይም «ከቤቴል እናት» ብቻ ከሆነ ተራው እስኪደርስ ይቆያል። ርዕሱን ብቻ አይታ ዛሬ መደረግ ያለበት ነገር መሆኑን ማወቅ አለባት።

የመጀመሪያው መስመር የማይሆነውን ነው የሚናገረው፤ ባስ አትሳፈርም። ብዙ ሰው አክስት እንደምትመጣ ጽፎ ባሱን ይረሳዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ልጆች የሚለቀቁት በየምድባቸው ነው፤ የባስ ልጆች ከወላጅ መኪና ልጆች ቀድመው ሊወጡ ይችላሉ። ከባስ ዝርዝር ካልወጣች፣ አክስቷ በመኪና ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ቤቴል ባስ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። `NOT` የሚለው በትልልቁ የተጻፈው ዓይን እንዳይስተው ነው።

ቀጥሎ ማን፣ ዝምድናዋ ምን፣ ስንት ሰዓት። ዝምድናውን ዝርዝሩ ላይ እንዳለው ጻፉ። እኛ ያደግንበት ቤት የእናት ጓደኛም አክስት ናት፤ ዝርዝሩ ላይ ጎረቤት ተብላ ከተመዘገበች ግን መልእክቱም ጎረቤት ይበል። አራተኛው መስመር ነገ ወደ ተለመደው እንደሚመለስ ይናገራል። ይህ መስመር ከሌለ አርብ ዕለት ልጅቷ ባስ እንዳትሳፈር ሊደረግ ይችላል፤ መምህሯም «ለውጡ ለስንት ቀን ነው?» ብላ ስትጠይቅ እናንተ ተኝታችኋል።

መልእክቱ ውስጥ የሌለውም ሆን ተብሎ ነው። ሰላምታ የለም፣ ይቅርታ የለም፣ አባት ለምን እንዳልቻለ የለም፣ ድሬ ለምን እንደመጣችሁ የለም። ሳይዘረዝሩ መናገር ለእኛ ደረቅ ይመስላል፤ ይገባኛል። ነገር ግን እንግሊዝኛው አጭር በሆነ መጠን ስህተት የሚገባበት ቦታ ይጠባል፤ አንባቢዋም ምክንያቱን ሳይሆን የምታደርገውን ነው የምትፈልገው። ምስጋናችሁን ማግስቱን ለብቻው ላኩ።

መልእክቱ ለቢሮውና ለመምህሯ በአንድ ላይ ይላክ። ለመምህሯ ብቻ መላክ የተለመደ ስህተት ነው፤ መምህር ስታስተምር ኢሜይል አታነብም፣ ከቀረች ደግሞ የተተካው መምህር የእሷን ኢሜይል አያይም። ለቢሮው ብቻ ከሆነም ልጅቷን የምትሸኘው መምህር ላትሰማ ትችላለች። የምትልኩትም መዝገብ ላይ ካለው የራሳችሁ ኢሜይል ይሁን። የእህታችሁ ስልክ ባትሪ ስላለው ብቻ ከእሷ ኢሜይል ብትልኩት ትምህርት ቤቱ ከማያውቀው ሰው እንደመጣ ነው የሚቆጥረው። በዚሁ ምክንያት አክስት ራሷ ደውላ «እኔ ነኝ የማነሳት» ብትል አይቀበሏትም፤ ፈቃድ የሚሰጠው ወላጅ ነው።

ልጅቷ ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበት ፕሮግራም ላይ ካለች ደግሞ ያ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሌላ ድርጅት ነው፤ የራሱ ዝርዝርና የራሱ ስልክ አለው። ለቢሮው የነገራችሁት ለእነሱ አይደርስም። መልእክቱን ለሁለቱም ላኩ።

መልስ መጠበቅና መደወል

ከላካችሁ በኋላ መልስ መጣ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚመጣ፣ የልጃችሁ ስም የሌለበት፣ ስለ ቢሮ ሰዓት የሚያወራ መልስ ማሽኑ የላከው ነው። የሰው መልስ አጭር ቢሆንም ስለ ጉዳዩ ይናገራል፤ የልጅቷን ወይም የአክስቷን ስም ታዩበታላችሁ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ አላለቀም።

በምሳሌያችን እናት 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ላከች፤ ቢሮ የሚከፈተው 10 ሰዓት ተኩል ነው። እንደተከፈተ ወዲያው አትደውሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ያረፈዱ ልጆችና የቀሩ ልጆች ወላጆች የሚጣደፉበት ስለሆነ፣ ስልኩ ቢነሳም የምትሰማችሁ ሴት አንድ ጆሮዋ ሌላ ቦታ ነው። በድሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ፣ ማለትም በእነሱ 9:45 ላይ ጋብ ይላል። ያኔ መልስ ካልመጣ ደውሉ። ከኢትዮጵያ ስትደውሉ ከቁጥሩ በፊት `+1` ይግባ። የምትሉት ይህን ብቻ ነው፦

```
Hello. I am Bethel Tadesse's mother. Grade 2.
I sent a pickup change for today. Did you get it?
Please read it back to me.
```

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት። መስመሩ ሲቆራረጥ እናንተ የተናገራችሁትን ሳይሆን እነሱ የጻፉትን መስማት ነው የሚጠቅመው። ሲያነቡላችሁ ሦስት ነገር ብቻ አዳምጡ፦ ባስ እንደሌለ፣ የአክስቷ ስም፣ ሰዓቱ። ሌላው ቢያመልጣችሁም ግድ የለም። ስም ካልገባቸው በፊደል ቁጠሩላቸው። `B` እና `P` በስልክ ስለሚመሳሰሉ `B as in boy` በሉ።

እንግሊዝኛው አልሄድ ካለ አትንተባተቡ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ለወላጅ በነፃ ነው። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምሳሌ ለወላጆች በአማርኛ መረጃ ያወጣል። ሦስት ቃል ብቻ በሉ፦

```
Amharic interpreter, please.
```

አስተርጓሚ በስልክ እስኪገናኝ ደቂቃዎች ይወስዳል። ስለዚህ ይህን መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ለመጨረሻው ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አትጀምሩ። በምሳሌያችን የመጨረሻው ሰዓት በድሬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ እኔ ብሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አዲስ ነገር አልጀምርም። ያ ሰዓት ድሬ ላይ መብራትም ኔትወርክም የሚያስቸግርበት ነው። በበዓል ሰሞን ደግሞ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ መስመር ይጨናነቃል። ቁልቢ ተራራው ላይ ሆኖ በዕለቱ ኢሜይል ለመላክ ማቀድ ራስን ማታለል ነው፤ የዚያን ቀን ጉዳይ ካለ ከዋዜማው በፊት ጨርሱት።

ሌላ አንድ ከባድ ስህተት አለ፤ ሁለት ሰው ሁለት መልእክት መላኩ። አባት በእረፍት ሰዓቱ ስልኩን ያገኝና «ቀደም ብዬ ወጣሁ፣ በባስ ትምጣ» ብሎ ለመምህሯ ይጽፋል፤ እናት ለቢሮው አክስት ትመጣለች ብላለች። ትምህርት ቤቱ የሚጋጭ ነገር ሲያይ ልጅቷን ለማንም ሳይሰጥ ቢሮ ያስቀምጣታል፤ ልክም ነው። ጠዋት ላይ ተነጋግራችሁ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ወስኑ። ሐሳብ ከተቀየረም ያው ሰው በዚያው ኢሜይል ላይ መልሶ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው መስመር የቀድሞውን ይሻር፦

```
Please CANCEL my earlier message.
Bethel WILL ride bus 14 today, January 8.
```

ይህንንም የመጨረሻው ሰዓት ካለፈ በኋላ አትሞክሩ። ካለፈ አክስት ያው ትሂድ፤ አባት ቤት ይጠብቅ።

ነገሩ ከተበላሸ

ከምሽቱ 5 ሰዓት ከአርባ ነው እንበል። አክስት ደውላ «ባስ ላይ ናት ይሉኛል» ትላችኋለች። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የባስ ቁጥሩና የምትወርድበት ማቆሚያ አድራሻ ነው፤ ሁለቱንም አክስት ጠዋት ላይ ስልኳ ውስጥ ሊኖራት ይገባል። አክስት ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ሳትወጣ፣ ሹፌሩን በራዲዮ እንዲያገኙት ትጠይቅ። ቢሮው ራሱ ወይም የወረዳው የትራንስፖርት ክፍል ሹፌሩን ማግኘት ይችላል። እናንተም ከድሬ ለቢሮው ደውላችሁ ይህን በሉ፦

```
My daughter Bethel Tadesse is on bus 14 by mistake.
No adult is at the bus stop.
Please call the driver now. Keep her on the bus.
```

ብዙ ወረዳዎች ላይ ትንንሽ ልጆችን የሚቀበል አዋቂ ከሌለ ሹፌሩ አያወርድም፤ ወደ ትምህርት ቤት ይመልሳቸዋል። ይህ ግን በአብዛኛው ለመዋዕለ ሕፃናትና ለታናናሾቹ ክፍሎች ነው፤ ሁለተኛ ክፍል የሆነች ልጅ በተለመደው ማቆሚያዋ ልትወርድ ትችላለች። ስለዚህ በደንቡ ተማምኖ መቀመጥ አይሆንም። አክስት ሹፌሩ እንደተነገረው ካረጋገጠች በኋላ ብቻ፣ ቢሮው ወደሚላት ቦታ ትንዳ፤ ወይ ማቆሚያው ጋ፣ ወይ እዚያው ትምህርት ቤት ትጠብቅ። ከባሱ ኋላ መከተል አይጠቅምም፤ ሹፌር ማቆሚያ ባልሆነ ቦታ ልጅ ለማንም አይሰጥም። ማቆሚያው አጠገብ የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉለትና ልጅቷ ጋ ይቁም፤ ዝርዝሩ ላይ ባይኖርም ልጅቷ ከወረደች በኋላ አጠገቧ ሰው መኖሩ ይበልጣል።

ልጅቷ ከተገኘች በኋላ በዚያው ምሽት ለቢሮው ቅሬታ አትጻፉ፤ በድካምና በንዴት የተጻፈ እንግሊዝኛ ነገሩን ያወሳስባል። ማግስቱን መልእክቱ ስንት ሰዓት እንደተላከ፣ ማን እንደመለሰ፣ ልጅቷ ለምን ከባስ ዝርዝር እንዳልወጣች ጠይቁ። በአብዛኛው የሚገኘው ምክንያት ቢሮው ሰምቶ መምህሯ አለመስማቷ፣ ወይም የባሱ ዝርዝር ለውጡ ከመመዝገቡ በፊት መታተሙ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ መምህሯን ሁልጊዜ ኢሜይሉ ላይ ታክላላችሁ፤ ሁለተኛው ከሆነ ዝርዝሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚታተም ጠይቃችሁ የራሳችሁን የመጨረሻ ሰዓት ከዚያ በፊት ታደርጋላችሁ። ድሬ የምትቆዩበት ቀን ገና ብዙ ከሆነም ለውጡን በየቀኑ ከመላክ ይልቅ እስከምትመለሱበት ቀን ድረስ ሰላማዊት ሐሙስ ሐሙስ እንድታነሳት፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቀን ጽፋችሁ በአንድ መልእክት አስመዝግቡ።